ለአነስተኛ ሕንፃ የስጋት መዝገብ፦ አንድን መስመር እስከ መጨረሻው መጻፍ

(በአነስተኛ ግንባታ ላይ ለሚሠሩ ተቋራጮች፣ የሳይት መሐንዲሶችና ቤት አሠሪዎች ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ)

በአንድ መስመር እንጀምር። በብዙ የስጋት መዝገቦች ላይ እንዲህ ተብሎ ተጽፎ ይገኛል፦ «ስጋት፦ ዝናብ። ዕድል፦ መካከለኛ። ጉዳት፦ ከፍተኛ። ባለቤት፦ ሁሉም። ምላሽ፦ ክትትል ማድረግ።» አምስቱም ሳጥን ሞልቷል። ነገር ግን ይህን መስመር አንብቦ ነገ ጠዋት ሳይቱ ላይ የተለየ ነገር የሚያደርግ ሰው የለም። ፎርማኑ ሸራ አይገዛም፣ መሐንዲሱ የኮንክሪት ሙሌት ቀን አያዛውርም፣ አሠሪውም ገንዘብ አይመድብም።

መጀመሪያ፣ ዝናብ በክረምት ስጋት አይደለም። እንደሚዘንብ ይታወቃል። የሚታወቅ ነገር ቦታው የሥራ መርሐ ግብሩ ነው፤ ለቁፋሮውና ለሙሌቱ በዝናብ የሚባክኑ ቀናት ተቆጥረው እዚያ ይገባሉ። ስጋት የሚባለው ከዚያ የሚያልፈው ነው፦ ስድስት ቀን ተይዞለት አሥራ አምስት ቀን ቢዘንብስ? ወይም የተቆፈረው የመሠረት ጉድጓድ ውኃ ይዞ ቢያድር? ስለዚህ አንድ ስጋት ሲጻፍ ሦስት ነገር ይያያዛል፦ ምክንያቱ፣ ሊሆን የሚችለው ክስተት፣ ክስተቱ የሚያመጣው መዘዝ። ምክንያቱ ዛሬ ያለና የሚታይ ነው። ክስተቱ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። መዘዙ በቀንና በገንዘብ ይለካል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ቀሪዎቹን ሳጥኖች በትክክል መሙላት አይቻልም።

ዛሬ ብዙ ስጋቶችን አንዘረዝርም። አንድ ምሳሌ እንያዝ፦ ባለ አንድ ፎቅ መኖሪያ ቤት፣ 180 የሥራ ቀን፣ አንድ ተቋራጭ፣ አንድ የሳይት መሐንዲስ፣ አንድ ፎርማን፣ ገንዘቡን የሚያወጣ አሠሪ። ጠቅላላ በጀቱን 100 እጅ እንበለው፤ ከዚህ በኋላ ገንዘብ ስንጠራ ከዚያ መቶ ውስጥ ስንት እጅ እንደሆነ ነው የምንናገረው።

ከመስመሩ በፊት መለኪያው ይቅደም። «ከፍተኛ» የሚለው ቃል ለአሠሪው አንድ ነገር፣ ለተቋራጩ ሌላ ነገር ነው፤ በቃሉ ተስማምተው በመጠኑ ሳይስማሙ ይለያያሉ። ለዚህ ቤት የመከሰት ዕድልን ከ1 እስከ 5 እንከፍላለን። 1 ከ10 በመቶ በታች፣ 2 ከ10 እስከ 29፣ 3 ከ30 እስከ 49፣ 4 ከ50 እስከ 69፣ 5 ደግሞ 70 በመቶና ከዚያ በላይ ነው። ጉዳትንም እንዲሁ፦ 1 ከሦስት ቀን በታች ወይም ከበጀቱ ከግማሽ እጅ በታች፤ 2 እስከ ስድስት ቀን ወይም እስከ 1.5 እጅ፤ 3 ከሰባት እስከ አሥራ ሦስት ቀን ወይም እስከ 3 እጅ፤ 4 ከሁለት ሳምንት እስከ አራት ሳምንት ወይም እስከ 6 እጅ፤ 5 ከዚያ በላይ። ቀኑና ገንዘቡ የተለያየ ቁጥር ከሰጡ የከፋው ይያዛል። እነዚህ ወሰኖች ለዚህ ቤት የወጡ ናቸው። ለመጋዘን ወይም ለትምህርት ቤት ስትሠሩ ቁጥሮቹን ከአሠሪው ጋር ተቀምጣችሁ እንደገና አውጡ፤ ሁለት ሳምንት መዘግየት ለአንዱ ምንም አይደለም፣ ለሌላው የኪራይ ውል ማፍረስ ነው።

አሁን መስመራችንን እንጻፍ። ስጋቱ የአፈር ነው።

የአፈር ምርመራ አልተደረገም፤ ዲዛይኑ መሠረቱን በ1.5 ሜትር ጥልቀት አስቀምጧል። ቦታው ላይ ግን ምልክቶች አሉ። በደረቅ ወቅት መሬቱ ተሰንጥቆ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይታያል። የጎረቤቱ አጥር ብሎኬቱን ተከትሎ እንደ ደረጃ ሰያፍ ተሰንጥቋል። አፈሩ ሲረጥብ ጫማ ላይ እየተጣበቀ ይከብዳል። እነዚህ ሁሉ የዋልካ ጠባይ ናቸው፤ ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ላዩ ላይ ያረፈውንም ይዞ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ የስጋቱ አጻጻፍ ይህን ይመስላል፦ «ምርመራ ስላልተደረገና የዋልካ ምልክት ስላለ፣ በ1.5 ሜትር ጥልቀት ላይ ጠንካራ አፈር ሳይገኝ ሊቀር ይችላል፤ ይህ ከሆነ ቁፋሮው ወደ 2.5 ሜትር ይወርዳል፣ የመሠረቱ ኮለኖች ይረዝማሉ፣ የአፈር ሙሌቱ ይጨምራል።» ረጅም ነው። ይሁን፤ በሁለት ቃል የተጻፈ ስጋት ከሁለት ወር በኋላ የጻፈው ሰው ራሱ አይገባውም።

ዕድሉን በምን እናውቃለን? ለአንድ አነስተኛ ቤት የሚያገለግል የስታቲስቲክስ ሰንጠረዥ የለም። የሚሠራው መንገድ ቀላል ነው፦ ሦስት ሰዎች፣ ማለትም መሐንዲሱ፣ ፎርማኑና በዚያ ሰፈር የቆፈረ ባለሙያ፣ ሳይነጋገሩ እያንዳንዳቸው አንድ ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፉ። አንዱ 30፣ አንዱ 40፣ ሦስተኛው 70 ከጻፉ፣ አማካይ ለማውጣት አትቸኩሉ። 70 ያለውን «ምን አይተህ ነው?» በሉት። ምናልባት የጎረቤቱን መሠረት የቆፈረው እሱ ሊሆን ይችላል። ወይም በሌላ ጊዜ የደረሰበት አስደንግጦት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ቁጥሩን ራሱ ያወርደዋል። ከንግግሩ በኋላ በ40 በመቶ ተስማሙ እንበል። ይህ 3 ነው።

ጉዳቱን ደግሞ በአንድ ጠቅላላ ግምት አትዝለሉት፤ ከፋፍላችሁ ደምሩት። ተጨማሪ ቁፋሮ፣ የወጣው አፈር መጓጓዣ፣ የተመረጠ ሙሌት፣ ለረዘሙት ኮለኖች ኮንክሪትና ፌሮ፦ በዚህ ቤት 2.5 እጅ። ይህ የግድ የሚወጣ ነው። ሌላው ደግሞ ችግሩ ሠራተኛውና ማሽኑ ሳይት ላይ ከገቡ በኋላ በመታወቁ ብቻ የሚመጣ ወጪ ነው። መሐንዲሱ አዲስ ስሌት እስኪያወጣ ቆሞ የሚከፈለው የቀን ሠራተኛ፣ የቆመ ኤክስካቫተር ኪራይ፣ ለአጭር ኮለን ተቆርጦ የማያገለግል ፌሮ፦ 2 እጅ። ድምሩ 4.5 እጅ፣ ጊዜው 15 ቀን ነው። ሁለቱም 4 ላይ ያርፋሉ። ዕድሉን 3 በጉዳቱ 4 ስናባዛ የመስመሩ ውጤት 12 ነው።

ይህን ክፍፍል ያዙት፤ ምላሹን የሚወስነው እሱ ነው።

ለስጋት የሚሰጡ ምላሾች በመሠረቱ አራት ናቸው፦ ማስወገድ፣ ማሸጋገር፣ መቀነስ፣ መቀበል። ለአፈሩ አንድ በአንድ እንሞክራቸው። ማስወገድ ሌላ ቦታ መግዛት ወይም ገና ከዲዛይኑ ጠንካራው አፈር ድረስ ለሚወርድ መሠረት መዘጋጀት ነው። ሁለተኛው ይቻላል፤ ነገር ግን አፈሩ ደህና ሆኖ ከተገኘ 2.5 እጁ በከንቱ ወጣ ማለት ነው። ማሸጋገር «የመሬት ሁኔታ የተቋራጩ ኃላፊነት ነው» የሚል አንቀጽ ውል ውስጥ ማስገባት ነው። ብዙ አሠሪዎች ይህን ጽፈው ስጋቱ የጠፋ ይመስላቸዋል። ጥንቁቅ ተቋራጭ ግን የዚያን አንቀጽ ዋጋ ጨረታው ላይ ይጨምረዋል፤ ያልተጠነቀቀው ደግሞ ዋልካው ሲወጣ ኪሳራውን ከሌላ ሥራ ቀንሶ ሊያካክስ ይሞክራል። አሥራ አምስቱ ቀን ግን በየትኛውም ውል አይሸጋገርም፤ ቤቱን የሚጠብቀው አሠሪው ነው።

መቀነስ ይቀራል። እዚህ ላይ ሥራው የሙከራ ጉድጓድ ነው፦ ዋናው ቁፋሮ ከመጀመሩ ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት፣ በማሽን የሚቆፈሩ ሦስት ጉድጓዶች፣ ጥልቀታቸው 3 ሜትር፣ ሁለቱ በተቃራኒ ማዕዘኖች አንዱ ወደ መሀል። መሐንዲሱ በየግማሽ ሜትሩ የአፈሩን ቀለም፣ እርጥበትና ጥንካሬ ይመዘግባል፤ ከ1.5 ሜትርና ከ2.5 ሜትር የወጣ ናሙና ለላቦራቶሪ ይላካል፣ የእብጠቱ መጠን ይለካል። ወጪው 0.3 እጅ ነው እንበል።

አሁን ብዙ ሰው የሚስትበት ቦታ ደረስን። ጉድጓዱ ከታቀደ በኋላ መዝገቡ ላይ ዕድሉን ከ3 ወደ 1 ያወርዱታል። ለምን? ጉድጓድ መቆፈር አፈሩን አይለውጠውም። ዋልካ ካለ አለ። 40 በመቶው ያው 40 ነው። የተለወጠው ጉዳቱ ነው፦ ችግሩ ሠራተኛ ሳይቀጠር፣ ማሽን ሳይከራይ፣ ፌሮ ሳይቆረጥ ታወቀ፤ ስለዚህ ከ4.5 እጁ ውስጥ 2ቱ እጅ ሳይወጣ ቀረ። ጊዜውም ከ15 ቀን ወደ 5 ወረደ፤ የዲዛይን ለውጡ ወረቀት ላይ አልቆ የሚቀረው የተጨማሪው ቁፋሮ ቀን ብቻ ነው። አዲሱ ጉዳት 3፣ አዲሱ ውጤት 9። አንድ ምላሽ ስትጽፉ «ይህ ሥራ የሚነካው ዕድሉን ነው ወይስ ጉዳቱን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለው ምላሹ ምናልባት ምንም አይነካም፤ «ክትትል ማድረግ» የሚለው ብዙ ጊዜ የዚህ ዓይነት ነው።

0.3 እጁ ያዋጣል ወይ? 40 በመቶ ሲባዛ በ4.5፣ 1.8 ነው። ከምላሹ በኋላ 40 በመቶ ሲባዛ በ2.5፣ 1 ነው። የዳነው 0.8፣ የወጣው 0.3። ያዋጣል። ይህን ስሌት ስታደርጉ ምላሹ ከስጋቱ የሚበልጥባቸው መስመሮችም ይገጥሟችኋል፤ እነዚያን «መቀበል» ብሎ መጻፍ ስንፍና አይደለም።

አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ ምላሹ ራሱ አዲስ ስጋት ይወልዳል። የሙከራ ጉድጓዱ ፉቲንግ፣ ማለትም ኮለኑን የሚሸከመው የመሠረት እግር፣ በሚያርፍበት ቦታ ከተቆፈረና በልቅ አፈር ከተደፈነ፣ ጠንካራ የነበረውን መሬት በገዛ እጃችን አበላሸን ማለት ነው። ስለዚህ ቦታዎቹ ከፉቲንጎቹ ውጭ መሆን አለባቸው፤ መሐንዲሱ ፕላኑ ላይ ምልክት ያደርጋል። ሌላው፣ 3 ሜትር ጉድጓድ ውስጥ ያለ ድጋፍ ሰው አይገባም። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ይመዝናል፤ ጎኑ ሲናድ ለመሸሽ ጊዜ አይሰጥም። ናሙናው በማሽኑ ባልዲ ወጥቶ ላይ ይታያል። ሕይወት ያለበት ስጋት በ12 እና በ9 ቁጥር አይወዳደርም፤ ከቁጥሩ ውጭ ሆኖ መጀመሪያ ይያዛል።

ባለቤት ወደሚለው ሳጥን እንምጣ። በእኛ ቋንቋ ይህ ቃል ጣጣ አለው፤ ሳይት ላይ «ባለቤት» ሲባል ሁሉም የሚያስበው የቤቱን ባለቤት ነው። መዝገቡ ላይ «የስጋቱ ባለቤት» ተብሎ የተጻፈውን ፎርማኑ አይቶ ነገሩ የአሠሪው ጉዳይ መስሎት ያልፈዋል። «ተጠሪ» ማለት ይሻላል፤ ስንጠይቅ መልስ የሚሰጠው ሰው ማለት ነው። አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ በስሙ ይጻፍ። «ተቋራጩና አማካሪው» ተብሎ የተጻፈ መስመር ተጠሪ የለውም። ተጠሪው የግድ ሥራውን በእጁ የሚሠራው ሰው መሆን የለበትም፤ ሥራው እንዲሠራ የማዘዝ፣ ወይም ሲያስፈልግ የማስቆም ሥልጣን ሊኖረው ግን ይገባል። ለአፈሩ መስመር ተጠሪው የሳይት መሐንዲሱ ነው፤ ቀኑ ደግሞ የቁፋሮ ማሽኑ ውል ከሚፈረምበት ቀን በፊት።

ሥልጣን ያልነው ለምን እንደሆነ ሁለተኛው መስመር ያሳየናል፦ የሶሌታው ኮንክሪት። ኮንክሪቱ ሳይት ላይ በሚክሰር ነው የሚቦካው፤ ለማፍሰስ እንዲቀልል ውኃ የመጨመር ልማድ አለ፤ ስለዚህ ከዚያው ድብልቅ ተሞልቶ በ28ኛው ቀን የሚሰበረው የሙከራ ኪዩብ ውጤት ከ25 ሜጋ ፓስካል በታች ሊሆን ይችላል፤ ይህ ከሆነ ከሶሌታው ኮር፣ ማለትም ተበስቶ የሚወጣ የኮንክሪት ናሙና፣ ወጥቶ እንደገና ይፈተሻል፣ ማጠናከር ወይም ማፍረስ ይከተላል። ዕድሉ 15 በመቶ፣ ጉዳቱ 8 እጅ እንበል። 2 ሲባዛ በ5፣ 10።

እዚህ ፎርማኑን ተጠሪ ማድረግ ይቀናል፤ ሚክሰሩ አጠገብ የሚውለው እሱ ነው። ግን ፎርማኑ ቀኑን ሙሉ የሚጠየቀው ሶሌታው ከምሽት በፊት ማለቁን ነው። ውኃ የሚያስጨምረው ይኸው ጥድፊያ ነው። ስለዚህ ተጠሪው ሙሌቱን ማስቆም የሚችለው መሐንዲሱ ይሁን። ምላሹ አሸዋና ጠጠር በልክ በተሠራ ሳጥን እንዲሰፈር፣ ውኃው ምልክት ባለው ባልዲ እንዲለካ፣ ከመፍሰሱ በፊት ስላምፑ፣ ማለትም ድብልቁ ሻጋታው ሲነሳለት ምን ያህል እንደሚወርድ፣ እንዲለካና ከተፈቀደው በላይ የወረደው ድብልቅ እንዲመለስ ማድረግ ነው። ይህ ዕድሉን ይቀንሳል፤ 5 በመቶ ላይ ቢደርስ 1 ሲባዛ በ5፣ 5 ይሆናል። ኪዩብ መውሰድ ግን ዕድሉን አይቀንስም፤ ኪዩቡ ሲሰበር ኮንክሪቱ ከጠነከረ ሰነባብቷል። የኪዩቡ ጥቅም ሌላ ነው፦ የማስጠንቀቂያ ምልክት ይሆናል። በተራ ሲሚንቶ የ7 ቀን ጥንካሬ ብዙ ጊዜ የ28 ቀኑ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። ለ25 ሲሆን ከ16 እስከ 17 ይጠበቃል። በሰባተኛው ቀን 12 ከመጣ፣ ሃያ ስምንተኛውን ቀን ሳትጠብቁ የሶሌታው ድጋፍ እንዳይነሳ፣ ከላይም ብሎኬት እንዳይጫን ይታዘዛል። መዝገቡ ላይ «ምልክት» የሚል ተጨማሪ ሳጥን ቢኖር ከሁሉም ሳጥኖች ይበልጥ የምትጠቀሙበት እሱን ይሆናል። ቀስ ብሎ በሚጠነክር ሲሚንቶ ከሆነ የሰባቱ ቀን ቁጥር ዝቅ ስለሚል ወሰኑን በመጀመሪያው ሙከራ ላይ አስተካክሉት።

ሁለት መስመር እንጨምር፣ በአጭሩ። የፌሮ ዋጋ ከመገዛቱ በፊት ሊንር ይችላል፦ 50 በመቶ፣ 3 እጅ፣ ውጤቱ 12። አሠሪው ሥራው ከተጀመረ በኋላ የክፍል ወይም የመታጠቢያ ቤት ቦታ ሊያስለውጥ ይችላል፦ 60 በመቶ፣ 2 እጅ፣ ይህም 12። የዚህ የመጨረሻው መስመር ተጠሪ አሠሪው ራሱ ነው። ምላሹም የፈቃድ ቀን ነው፦ በሶሌታው ውስጥ የሚቀበሩት የመብራትና የፍሳሽ ቱቦዎች ቦታ ከሙሌቱ ሁለት ሳምንት በፊት በፊርማ ይዘጋል። አሠሪን በመዝገብ ላይ ተጠሪ ማድረግ የሚያሳፍር ይመስላል፤ ግን ይህን ስጋት ከእሱ በቀር ማንም ሊቆጣጠረው አይችልም።

አራቱን መስመሮች በውጤታቸው ብትደረድሩ አፈሩ፣ ፌሮውና ለውጡ በ12 ይቀድማሉ፤ ኮንክሪቱ በ10 መጨረሻ ነው። ከአራቱ ግን ፎቁን ሊያስፈርስ የሚችለው ኮንክሪቱ ብቻ ነው። ማባዛት ይህን ይሸፍነዋል፤ 1 ሲባዛ በ5 እና 5 ሲባዛ በ1 አንድ ናቸው፣ በሳይት ላይ ግን ጨርሶ አይመሳሰሉም። ስለዚህ ጉዳቱ 5 የሆነ መስመር ሁሉ፣ ውጤቱ ምንም ይሁን፣ በየስብሰባው መጀመሪያ ይነበብ። ውጤቱ ለመደርደር ይረዳል፤ ከዚያ አልፎ እንዲወስን አትፍቀዱለት።

የመጠባበቂያ ገንዘቡ ከዚሁ መዝገብ ይወጣል። ከምላሽ በኋላ ያሉትን ግምቶች እንደምር፦ አፈሩ 1፣ ኮንክሪቱ 0.4፣ ፌሮው 1.5፣ ለውጡ 1.2። የመጨረሻዎቹን ሁለት ምላሻቸው ሳይታሰብ እንዳሉ ወስደናቸዋል። ድምሩ 4.1 እጅ። ይህ ቁጥር ብዙ ቤት ለሚሠራ ድርጅት ጥሩ አማካይ ነው፤ አንዱ ላይ ያጣውን ሌላው ላይ ያገኘዋል። አንድ ቤት ብቻ የሚያሠራ ሰው ግን በአማካይ አይኖርም። አፈሩና ፌሮው አንድ ላይ ቢመጡ 2.5 እና 3፣ 5.5 ያስፈልገዋል። ስለዚህ መጠባበቂያውን ወደ 5.5 ማሳደግ ይሻላል። የኮንክሪቱን 8 እጅ በዚህ መሸፈን አይቻልም፤ መከላከያው ሚክሰሩ አጠገብ ያለው ባልዲ ነው። ቀናትን ደግሞ እንደ ገንዘብ አትደምሩ። የልስን መዘግየት ከጣሪያው ሥራ ጎን ለጎን ከሄደ የማስረከቢያውን ቀን ላይነካው ይችላል፤ የመሠረቱ መዘግየት ግን ሁሉን ይገፋል።

መዝገቡን በየሳምንቱ፣ በሳይት ስብሰባው ላይ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ለእያንዳንዱ መስመር ተጠሪው ሁለት ነገር ይመልሳል፦ ምልክቱ ታይቷል ወይ? የተባለው ሥራ በተባለው ቀን ተሠርቷል ወይ? ስጋቱ ከደረሰ መስመሩ ወደ ችግር መዝገብ ይዛወራል። ካለፈ ይዘጋል፣ ቀኑ ተጽፎበት ይቆያል እንጂ አይሰረዝም። የሞተ መዝገብ በቀላሉ ይታወቃል፦ ለስድስት ሳምንት አንድም ቁጥር አልተለወጠም፣ የምላሽ ቀኖቹ ሁሉ አልፈዋል፣ አንድም መስመር አልተዘጋም።

የአፈሩ መስመር መቼ ይዘጋል? ፉቲንጉ ጠንካራው አፈር ላይ ማረፉን መሐንዲሱ አይቶ ሲፈርም የግንባታው ስጋት ይዘጋል። ዋልካው ግን በወለሉ ሥርና በዙሪያው እንዳለ ነው። የጣሪያው ውኃ ግድግዳው ሥር ከፈሰሰ፣ የተቀበረ የውኃ ቱቦ ካፈሰሰ ወይም ትልቅ ዛፍ ከመሠረቱ አጠገብ ከተተከለ አፈሩ እንደገና ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ቤቱ ሲረከብ አንድ መስመር ወደ ነዋሪው ይተላለፋል፦ ውኃ መውረጃው ከቤቱ ርቆ እንዲፈስ፣ ዙሪያው የተነጠፈው ኮንክሪት ወደ ውጭ እንዲያዘነብል፣ በየክረምቱ ማግስት የግድግዳው ማዕዘኖች እንዲታዩ። ተጠሪው ሳጥን ውስጥ በዚያ ቀን የቤቱ ባለቤት ስም ይገባል።